የክምችት ዋጋ አተማመን

የተሸጠው ዕቃና በመጋዘን የቀረው ስንት እንደወጣባቸው የሚወሰንበት የሒሳብ ዘዴ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተዳከመ በኋላ የገቢ ዕቃ ዋጋ ሲንር፣ የዘዴዎቹ ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ለምሳሌ ያህል፣ ፉሪ ያለ አንድ የላሜራ ነጋዴ 100 ላሜራ በ1,000 ብር፣ ከዚያ 100 በ1,600 ብር ገዝቶ 120ውን በ2,000 ብር ሸጠ እንበል። ሽያጩ 240,000 ብር ነው።

ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል (ፊፎ)፦ የተሸጠው 132,000 ብር ወጥቶበታል፤ ትርፉ 108,000 ብር ይሆናል። ርካሹ ዕቃ ቀድሞ ስለሚቆጠር ትርፉ ከፍ ይላል፤ ግን ያንኑ ዕቃ ለመተካት የሚያስፈልገው ገንዘብ በውስጡ አለ።

አማካይ፦ አንዱ ላሜራ 1,300 ብር ስለሚመጣ ትርፉ 84,000 ብር ነው።

መደበኛ፦ ዋጋው አስቀድሞ 1,000 ብር ከተባለ ትርፉ 120,000 ብር ይመስላል፤ ከሁለተኛው ግዢ የመጣው የ60,000 ብር ልዩነት ግን ገና አልተያዘም። ልዩነቱ በሙሉ ወጪ ከሆነ ትርፉ 60,000 ብር ይሆናል፤ ለተሸጠውና ለቀረው ከተከፋፈለ ግን 84,000 ብር ይመጣል።

በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ መሠረት መደበኛው ዋጋ የሚፈቀደው ለእውነተኛው ከተቀራረበ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ በሚዋዥቅበት ጊዜ አማካዩ ለተመሳሳይ ዕቃ፣ መደበኛው ቶሎ ቶሎ ለሚከለስበት ፋብሪካ ይስማማል።