ሰንጠረዥ

በቋንቋችን ሰንጠረዥ የሚለው ቃል መኳንንት ይጫወቱት የነበረውን ጨዋታም፣ ቁጥር በየረድፉ የሚሰፈርበትንም መዝገብ የሚጠራ በመሆኑ፣ የቼዝ ፕሮግራም ያየውን አቋም ዳግመኛ እንዳይመረምር የሚጽፍበትን መዝገብ ለመሰየም ከዚህ የተስማማ ቃል አላገኘሁም።

ነጭ d4፣ ጥቁር Nf6፣ ነጭ c4 ቢጫወቱ፣ ወይም ነጭ የሁለቱን ወታደሮች ቅደም ተከተል ቢለውጥ፣ መንገዱ ሁለት ሲሆን ፍጻሜው አንድ ነው፤ መዝገብ የሌለው ፕሮግራም ግን ያንኑ ድካም ይደግማል።

አልበርት ዞብሪስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ፣ ለነጭና ለጥቁር 12 ዓይነት ጠጠሮች በ64ቱ ቤቶች 768 የዕጣ ቁጥሮችን ያድላል፤ በገበታው ላይ የቆሙት ጠጠሮች ቁጥሮች XOR በሚባለው ስሌት ሲዋሐዱ የአቋሙ ማኅተም ይሆናሉ። ይህ ስሌት ሲደገም ራሱን የሚሽር ስለ ሆነ፣ ፈረሱ ከg8 ወደ f6 ሲሄድ የቀድሞው ቤት ቁጥር ወጥቶ፣ የአዲሱ ገብቶ፣ የተራው ምልክት ተለውጦ፣ ሌላው ሳይነካ ማኅተሙ ይታደሳል፤ ውበቱም በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ቤት የተራመደ ወታደር በማለፍ ሊበላ ስለሚችል፣ ለዓምዱም ቁጥር ይመደባል። ፕሮግራም ሠሪው ወታደር በተራመደ ጊዜ ሁሉ ይህን ቢጨምር፣ ያው አቋም በአንዱ መንገድ የc፣ በሌላው የd ዓምድ ቁጥር ይዞ ሁለት ማኅተም ያገኛልና መዝገቡ አያውቀውም። ቁጥሩ መግባት ያለበት የባላጋራ ወታደር በእውነት ሊበላው ሲችል ብቻ ነው። ፕሮግራም የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ የሁለቱን መንገዶች ማኅተም አውጥታችሁ አስተያዩ፤ አንድ መሆን አለባቸው።