የማዳመጫ ቀዳዳ በሌለው ስልክ ባለ ገመድ ማዳመጫን መጠቀም፦ አዳፕተሮች ለምን ይለያያሉ?

አፕል ክቡን የማዳመጫ ቀዳዳ ከአይፎን ያስወገደው እ.አ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ይፋ ሲያደርግ ነበር። ጉግል በ2017 በፒክስል 2፣ ሳምሰንግም በ2019 በጋላክሲ ኖት 10 ተመሳሳይ ውሳኔ ወሰኑ። ዛሬ ውድ ከሚባሉት ስልኮች በአብዛኞቹ ላይ የቀረችው ባትሪ የሚሞላባት ሞላላዋ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ብቻ ናት። ጥሩ ባለ ገመድ ማዳመጫ ያለው ሰው ግን አዲስ ለመግዛት አይገደድም፤ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ አጭር አዳፕተር ይበቃዋል። ችግሩ የሚጀምረው አዳፕተሩ ላይ ነው። በመልክ ፈጽሞ ከማይለዩ ሁለት አዳፕተሮች አንዱ በአንድ ስልክ ላይ በደንብ ሲሠራ፣ ሌላው በዚያው ስልክ ላይ ድምፅ የለሽ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት የጠፋው ቀዳዳ ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ሙዚቃ በስልክ ውስጥ የሚቀመጠው በቁጥር መልክ ነው። ማዳመጫ ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድን ነው። ስለዚህ በመካከል ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚቀይር ቺፕና ሞገዱን የሚያጎላ አነስተኛ ማጉያ ያስፈልጋሉ። ቀዳዳው በነበረበት ዘመን ሁለቱም ስልኩ ውስጥ ስለነበሩ የድምፁ ጥራት የስልክ አምራቹ ኃላፊነት ነበር። አሁን ይህ ሥራ በአብዛኛው ወደ አዳፕተሩ ተዛውሯል። በአፕል አዳፕተር ውስጥ ለምሳሌ ቀያሪውና ማጉያው የተቀመጡት ከጣት ጥፍር በማይበልጠው መሰኪያ ውስጥ ነው።

ሁሉም አዳፕተር ግን ቺፕ የለውም። የዩኤስቢ-ሲ መስፈርት ስልኩ ራሱ ሞገዱን አዘጋጅቶ በቀዳዳው በኩል እንዲያወጣ የሚፈቅድ አሠራርም ነበረው። በዚህ አሠራር አዳፕተሩ የቅርጽ መለወጫ ሽቦ ብቻ ነው፤ በመሆኑም በጣም ርካሽ ነው። የሞቶሮላ ሞቶ ዚ፣ የሻውሚ ሚ 6 እና የሁዋዌ ፒ20 ስልኮች በዚህ መንገድ ይሠሩ ነበር። የጉግል ፒክስል ስልኮች፣ ከኖት 10 ወዲህ የወጡት የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋና ዋና ስልኮችና ዩኤስቢ-ሲ ያላቸው አይፎኖች ግን በቀዳዳቸው በኩል የሚያወጡት ቁጥሩን ብቻ ነው። ቺፕ የሌለውን አዳፕተር በእነዚህ ላይ የሰካ ሰው ብዙውን ጊዜ ሙዚቃው በስልኩ ድምፅ ማጉያ መጫወቱን ሲቀጥል ይሰማል፤ ማዳመጫውም ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። የተበላሸ ነገር ግን የለም።

አንድ አዳፕተር ቺፕ እንዳለው በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ይልቅ በኮምፒውተር ማረጋገጥ ይሻላል። ማዳመጫውን አዳፕተሩ ላይ፣ አዳፕተሩን ደግሞ የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ላይ ይሰኩና የድምፅ ማስተካከያውን ይክፈቱ። በድምፅ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አዲስ ስም ከመጣ ቺፕ አለው። ምንም ካልመጣ ባዶ ሽቦ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ማዳመጫውን አስቀድሞ መሰካት አይዘንጋ፤ ማዳመጫ እስኪሰካ ድረስ ራሳቸውን የማያሳውቁ አዳፕተሮች አሉና።

ቺፕ ያላቸውም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ብዙ ሻጮች በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጽፉት በሰከንድ የሚነበበውን የናሙና ብዛት፣ ማለትም 192 ወይም 384 ኪሎ ኸርዝ የሚለውን ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለተራ አድማጭ ከዚህ ቁጥር የሚገኝ ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ጆሮ የሚለየው ቺፑ በሚያወጣው የቮልት መጠንና በጸጥታው ነው።

ቮልቱን በምሳሌ እንመልከት። አንዷ ዋሽንግተን፣ ሌላዋ ፍራንክፈርት የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች አንድ ዓይነት የአፕል ዩኤስቢ-ሲ አዳፕተር ገዙ እንበል። ሁለቱ አዳፕተሮች በመልክ አንድ ናቸው። በአሜሪካ የሚሸጠው፣ A2049 የሚል መለያ ያለው፣ እስከ 1 ቮልት ያወጣል። በአውሮፓ የሚሸጠው A2155 ግን የሚያወጣው ግማሹን ያህል ነው። ልዩነቱ አውሮፓ ውስጥ የመስማት ችሎታን ከከፍተኛ ድምፅ ለመከላከል ከወጣው የድምፅ ገደብ ጋር የተያያዘ ነው። የቮልት መጠን በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይላል፤ ይህ በግልጽ የሚሰማ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ችግር መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ማዳመጫው ነው። ከ16 እስከ 32 ኦም የሚደርሱት የተለመዱ የጆሮ ማዳመጫዎች በትንሽ ቮልት ስለሚጮኹ፣ የፍራንክፈርቷ እህት ምንም አይጎድላት ይሆናል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 650ን የመሰለ 300 ኦም ማዳመጫ ብትሰካ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይህ ማዳመጫ በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል፣ በግማሽ ቮልት ደግሞ 97 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። 97 ዴሲቤል ከፍተኛ ድምፅ ነው፤ ሆኖም ይህ ጣሪያው ነው። የብዙ ሙዚቃ አማካይ ድምፅ ከጣሪያው በ15 ወይም በ20 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው። በዝግታ የተቀዳ ሙዚቃ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነውና፣ የድምፁ መጠን እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎም እንኳ ሊያንስ ይችላል።

በዚህ ላይ ሌላ እንቅፋት ይጨመራል። የአፕል አዳፕተር የራሱ የውስጥ ድምፅ መቆጣጠሪያ አለው፤ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ግን ይህን መቆጣጠሪያ እስከ ላይ አይከፍቱትም። ስልኩ ላይ ድምፁ ሙሉ መስሎ ሲታይ፣ አዳፕተሩ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ዝቅ እንዳለ ነው። ያው አዳፕተር ኮምፒውተር ወይም አይፎን ላይ ጮኾ አንድሮይድ ላይ ከደከመ ምክንያቱ ይህ ነው። USB Audio Player PRO የተባለው የሚከፈልበት መተግበሪያ መቆጣጠሪያውን መክፈት ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን በራሱ ለሚያጫውተው ሙዚቃ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ላለው ሰው ከዚህ ይልቅ ስልኩን ያመረተው ኩባንያ የሚሸጠውን አዳፕተር መግዛቱ ቀላል መፍትሔ ነው።

ጸጥታውን መፈተን አያስቸግርም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ማዳመጫው ጆሮ ላይ እንዳለ ሙዚቃውን ማቆም ነው። ደካማ ቺፕ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ሹክሹክታ ያሰማል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ኃይል ለመቆጠብ ሲተኛ “ጣ” የሚል ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። እንዲህ ያለው ቺፕ ሲነቃ ስለሚዘገይ የአጭር የድምፅ መልእክት የመጀመሪያ ቃል ሊቆረጥ ይችላል። ሹክሹክታው ጎልቶ የሚሰማው ጆሮ ውስጥ በሚገቡት፣ በትንሽ ኃይል በሚጮኹት ማዳመጫዎች ነው።

ቺፕ ያለው አዳፕተር ኃይሉን የሚያገኘው ከስልኩ ነው። በአንዳንድ የኦፖና የዋንፕላስ ስልኮች ደግሞ ለዚህ የሚያስፈልገው OTG የተባለው ማስተካከያ በእጅ መከፈት አለበት፤ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሠራ ከቆየም ራሱ ይዘጋል። ትናንት ሲሠራ የነበረ አዳፕተር ዛሬ ዝም ካለ፣ ሌላ ከመግዛት በፊት መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ስልክ ለመደወል የሚፈልግ ሰው ደግሞ የማዳመጫውን መሰኪያ ይመልከት፤ በብረቱ ላይ ሦስት ቀለበት ካለ ማይክሮፎን አለው፣ ሁለት ብቻ ከሆነ ግን የሚናገረው በስልኩ በራሱ ማይክሮፎን ነው።