ከቅበላ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ፦ የምሽት መጠጥ መቼ ጥገኝነት ይሆናል?

«ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣም፤ ሱሰኛ ብሆን ኖሮ እንዴት እችለው ነበር?» ይህ ክርክር በአዲስ አበባ ምሽት ምሽት ከሚጠጡ ሰዎች ዘንድ አይጠፋም። ሚዛን የሚደፋም ይመስላል። ሃምሳ አምስት ቀን መጠጥ ሳይቀምስ የከረመን ሰው የመጠጥ ጥገኛ ነህ ማለት ያስቸግራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ጾሙ የሚመሰክረው በመታቀቡ ሳይሆን በሁለቱ ዳርቻዎቹ ነው የሚል ነው። መመርመር ያለባቸው ከቅበላ ማግስት ያሉት ጥቂት ሌሊቶችና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ናቸው።

ነገሩን በአንድ ሰው እንየው። ሰውየው ለምሳሌ የተሣለ እንጂ በስም የሚታወቅ ግለሰብ አይደለም። ቤቱ ዓለም ባንክ፣ ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኝነት ነው። ማታ በባቡር ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ከዚያ ታክሲ ተሰልፎ በአየር ጤና በኩል ሰፈሩ ይገባል። ቤቱ ከመድረሱ በፊት ግን አንድ ግሮሰሪ ጎራ ብሎ ሁለት ጠርሙስ ቢራና ሁለት መለኪያ ካቲካላ ይጠጣል። ሰክሮ አያውቅም ማለት ይቻላል። ለምን እንደሚጠጣ ሲጠየቅ «ጭንቅላቴን ለማሳረፍ» ይላል።

ይህ መልስ ቀላል አይደለም። ሊን ኩፐር የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ ሰዎች የሚጠጡባቸውን ምክንያቶች ሲለዩ፣ ለጨዋታና ለደስታ መጠጣትን ጭንቀትን ለመሸሽ ከመጠጣት ነጥለው አስቀምጠዋል። ሁለተኛው ከመጠጥ ችግር ጋር ይበልጥ በቀጥታ የተሳሰረ ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችን ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» የሚሉም እዚሁ ይመደባሉ። መጠጡ የሚፈለገው ለጣዕሙ ወይም ለጨዋታው ሳይሆን አእምሮን እንዲያጠፋላቸው ነውና።

አሁን መጠኑን እናስላ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ መለኪያ ካቲካላም፣ ጥንካሬው 40 በመቶ ቢሆን፣ ከዚሁ ብዙም አይርቅም። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ግን ስሌቱ ግምት ነው። ስለዚህ ሰውየው በአንድ ምሽት 50 ግራም ያህል ይወስዳል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ 7 ወይም 8 ግራም ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የጠጣው ከደሙ ተጣርቶ የሚያልቀው እንግዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ሰውየው የሚነቃውም በዚያው ሰዓት ነው። አልኮል ነርቭን የሚያረግበውን የጋባን ሥራ ያጎላል፤ የሚያነቃቃውን ግሉታሜትን ደግሞ ያፍናል። አእምሮም ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይገፋል። አልኮሉ ሲያልቅ ግፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ይወርዳል፣ የማግስቱ ሥራ ገና በጨለማው ያስጨንቃል። ቶሎ እንቅልፍ ያመጣው መጠጥ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይወስደዋል። ሰውየው ግን ይህን ከመሥሪያ ቤቱ ውጥረት ይቆጥረውና ማታ ሊያበርደው ተመልሶ ይሄዳል። የመሸጋገሪያው ነጥብ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከሚያስታግሰው ጭንቀት ከፊሉ የትናንቱ መጠጥ የወለደው ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀው ኦዲት የተባለ ባለ አሥር ጥያቄ መጠይቅ ለዚህ ሰው ምን ይላል? በሳምንት አራት ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚጠጣ 4 ነጥብ ያገኛል። በአንዱ ምሽት 10 ግራም እንደ አንድ መጠን ተቆጥሮ አምስት ያህል ስለሚሆን 2፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት መጠን ስለሚያልፍ 3 ይጨመርለታል። በወር አንዴ ያህል ከጀመረ ማቆም ያቅተዋል፤ በወር አንዴም ይጸጸታል፤ ለሁለቱ 4። አልፎ አልፎ ሥራ ማጓደሉና የምሽቱን ነገር መርሳቱ 2 ነጥብ ያመጣሉ። ባለቤቱ በዚህ ዓመት «ቀንስ» ብላዋለች፤ ይህ ብቻውን 4 ነው። ድምሩ 19። የጥገኝነት ምርመራ ያሻዋል ከሚባልበት ከ20 በአንድ ይጎድላል። በጠዋት ጠጥቶ አያውቅም፤ አደጋም አላደረሰም። መጠይቁ ጠቃሚ ነው፤ ግን በአንድ ነጥብ ልዩነት ተማምኖ ሰውየውን መሸኘት ስህተት ይሆናል።

የጎደለውን የሚሞላው ጾሙ ነው። ግሪፍስ ኤድዋርድስና ሚልተን ግሮስ በ1976 የአልኮል ጥገኝነትን ባሕርይ ሲዘረዝሩ ትኩረታቸው በመጠኑ ላይ ብቻ አልነበረም። አጠጣጡ ወደ አንድ ዓይነት ልማድ መጥበቡን፣ የማቋረጥ ምልክትን ለማራቅ መጠጣትን፣ ከመታቀብ በኋላም ወደ ነበሩበት በፍጥነት መመለስን ከምልክቶቹ ቆጥረዋል። የመጨረሻው ለእኛ ወርቅ የሆነ መለኪያ ነው። ሰውየው ከቅበላ በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል፤ አንሶላው በላብ ርሷል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ተሽሎታል። በፋሲካ ዕለት አንድ ቢራ ቀመሰ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ሁለቱ ቢራና ሁለቱ መለኪያ በቦታቸው፣ በሰዓታቸው ተመልሰዋል። ዓመታት የፈጀ ልማድ በስምንት ቀን ተተከለ ማለት ነው። ለጨዋታ የሚጠጣ ሰው እንዲህ አይመለስም፤ አንዳንዴ ይጠጣል፣ አንዳንዴ ይረሳዋል።

በሁዳዴ መታቀብ የቀለለበትም ምክንያት አለ። ጓደኛው ይጾማል፣ ግሮሰሪው ይቀዘቅዛል፣ «አንድ ብቻ» የሚል ጋባዥ ይጠፋል። ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን ጭምር ነው የተደገፈው። ይህ መለኪያ ለማይጾሙና ተደብቀው ለሚጠጡ፣ በተለይም ለሴቶች፣ በቀጥታ አይሠራም። እነሱ በራሳቸው የመረጡትን አንድ ወር ይዘው አመላለሳቸውን ሊያዩ ይችላሉ።

ይህ ሙከራ ግን የማይገባው ሰው አለ። በጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲያቆም የሚያልበውና የሚያቅለሸልሸው፣ ቀድሞም የሚጥል ሕመም የገጠመው ሰው በድንገት ሊያቋርጥ አይገባም። ቅበላን አጥብቆ ጠጥቶ ሰኞ በአንድ ጊዜ የሚያቆመውም ከእነዚሁ ነው። የማቋረጥ ምልክቶች ከመጨረሻው መጠጥ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሊጀምሩ ይችላሉ። መንዘፍዘፍ በአብዛኛው በሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት ይመጣል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና መደናገር ሊከተሉ ይችላሉ። ቤተሰብ ይህን የመንፈስ ሥራ ብቻ አድርጎ በጸበል ብቻ ከያዘው፣ በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ሊታከም የሚችል ሰው ሊሞት ይችላል። ጸበሉ ሕክምናውን አይከለክልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው ከቅበላ ሳምንት በፊት አቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚጠጣውን መጠን በትክክል ይናገር። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነበት እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሊልከው ይችላል። ቤተሰቡም በእነዚያ አራት ቀናት ብቻውን አይተወው።