የፍለጋ ርዕስና የፍለጋ መግለጫ፦ የደብረ ታቦር ክሊኒክ ጉግል ላይ ሲፈለግ

«ደብረ ታቦር» የሚለው ስም ባለቤቱ ብዙ ነው። ነሐሴ 13 ቀን ችቦ የሚበራለት፣ ልጆች ሆያ ሆዬ የሚሉበት በዓል አለ። በዚሁ ስም የሚጠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የደቡብ ጎንደሯ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲዋና ሆስፒታሏም አሉ። ጉግል ላይ ስሙን ብቻ የጻፈ ሰው እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ይመጡለታል። በከተማዋ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ በዚህ መሀል መገኘት ከፈለገ፣ ገጹ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሰጥ ለፍለጋው በግልጽ መናገር አለበት። ይህን የሚናገሩት ሁለት አጫጭር ጽሑፎች በሙያው ሜታ ታይትልና ሜታ ዲስክሪፕሽን ይባላሉ።

ከእስቴ ወይም ከፋርጣ የሚነሳ አንድ ባል ነፍሰ ጡር ሚስቱን አልትራሳውንድ ሊያስነሳ አስቧል እንበል። ስልኩን አውጥቶ «አልትራሳውንድ ደብረ ታቦር» ብሎ ይጽፋል። ከሚመጡለት ውጤቶች እያንዳንዱ ከላይ ጎላ ያለ አንድ መስመር አለው፤ ሲነካው ገጹን የሚከፍተው እሱ ነው። ሥሩ ደግሞ ሁለት መስመር ያህል አነስ ያለ ጽሑፍ ይታያል። የላይኛው ሜታ ታይትል፣ የታችኛው ሜታ ዲስክሪፕሽን ነው። ሰውየው የክሊኒኩን ገጽ ከመክፈቱ በፊት የሚያነበው እነዚህን ብቻ ነው፤ የሚነካውንም የሚመርጠው ከእነሱ ተነስቶ ነው።

በአማርኛ የመጀመሪያውን «የፍለጋ ርዕስ»፣ ሁለተኛውን «የፍለጋ መግለጫ» ብንላቸው የሚያስኬድ ይመስለኛል። «ሜታ» የሚለውን እንዳለ ማስቀረት ይቻል ነበር፤ ግን አገራችን ውስጥ ሜታ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቢራውን ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ። «ፍለጋ» ግን ሥራቸውን ራሱ ይናገራል። ገጹ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ርዕስ ጋር እንዳይምታታም ይጠቅማል፤ የፍለጋ ርዕሱ ገጹ ላይ አይታይም፣ የሚታየው በፍለጋው ውጤትና በማሰሻው ትር ላይ ነው።

ሁለቱም የሚቀመጡት በገጹ ኮድ የራስጌ ክፍል ውስጥ ነው። ለእርግዝና አልትራሳውንድ ገጽ እንዲህ ሊጻፉ ይችላሉ፦

```html
<meta charset="utf-8">
<title>የእርግዝና አልትራሳውንድ፣ ደብረ ታቦር | የክሊኒኩ ስም</title>
<meta name="description" content="ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ። የእርግዝና አልትራሳውንድ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ውጤቱን ይዘው ይመለሳሉ።">
```

ገጹ በወርድፕረስ የተሠራ ከሆነ ኮድ መንካት አያስፈልግም፤ እንደ ዮስት ያሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ለሁለቱም የተለየ መጻፊያ ሳጥን አላቸው። ኮዱን ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ግን የመጀመሪያው መስመር መዘለል የለበትም። እሱ ከሌለ የአማርኛው ፊደል በአንዳንድ ማሰሻ ላይ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ጥርቅም ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ርዕሱን ቃል በቃል እንየው። ከሁሉ በፊት የመጣው አገልግሎቱ ነው፤ ፈላጊው የሚፈልገው ክሊኒክ ሳይሆን አልትራሳውንድ ነውና። ከተማው ይከተላል፤ የክሊኒኩ ስም መጨረሻ ነው። ብዙ ክሊኒኮች ይህን ገልብጠው ስማቸውን ያስቀድማሉ፤ ከዚያም ሁሉም ገጾቻቸው «እንኳን ደህና መጡ» ወይም «Home» የሚል አንድ ዓይነት ርዕስ ይይዛሉ። እንዲህ ሲሆን የላቦራቶሪው፣ የአልትራሳውንዱና የጥርስ ሕክምናው ገጽ ለፍለጋው ልዩነት አይኖራቸውም። እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽም የራሱ ርዕስ ይኑረው።

ከተማው «በደብረ ታቦር» ተብሎ ሳይሆን «ደብረ ታቦር» ተብሎ ባዶውን መጻፉም ሆን ተብሎ ነው። በአማርኛ «በ»፣ «ለ»፣ «የ»፣ «ከ» ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሰው ሲፈልግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ስም ነው የሚጽፈው። ማሽኑ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንደሚያይ ከመተማመን ይልቅ ሰው እንደሚጽፈው መጻፍ ይሻላል። የፊደሉ ነገርም አለ። አንዱ «ሕክምና»፣ ሌላው «ህክምና» ይላል፤ አንዱ «ጽንስ»፣ ሌላው «ፅንስ»፤ ከተማዋን «ደብረታቦር» ብሎ የሚያያይዝም ብዙ ነው። የላቲን ቁልፍ ሰሌዳ የሚቀናው ደግሞ «ultrasound Debre Tabor» ይላል። ሁሉንም ርዕሱ ውስጥ ማጨቅ ግን ርዕሱን ያበላሻል። ርዕሱ ላይ አንዱን አጻጻፍ መርጦ፣ ሌላውን በገጹ ዋና ጽሑፍ ውስጥ በተፈጥሮው በሚገባበት ቦታ ማስገባት ይበቃል።

ርዝመቱን በተመለከተ ብዙ ቦታ «ከ60 ፊደል አይብለጥ» የሚል ምክር ይገኛል። ይህ ለላቲን ፊደል የወጣ ልክ ነው። ጉግል የሚቆርጠው ፊደል ቆጥሮ ሳይሆን ርዕሱ ስክሪኑ ላይ በሚይዘው ስፋት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ሰፋ ይላል። ስለዚህ ለአማርኛ ርዕስ በግምት ከ35 እስከ 40 ፊደል፣ ለመግለጫው ደግሞ 90 ያህል ብሎ መነሳት ይሻላል። ከላይ ያለው መግለጫ ከዚህ ትንሽ ያልፋል፤ ቢቆረጥ ግን የሚጠፋው መጨረሻው ነው። ቦታው፣ አገልግሎቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ በመጀመሪያዎቹ 70 ፊደሎች አካባቢ አልቀዋል። ከገጠር ተነስቶ በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው እነዚህ ናቸው ወሳኞቹ፦ ከመናኸሪያው ምን ያህል ይርቃል፣ ቅዳሜ ክፍት ነው ወይ፣ ሳይመሽ ጨርሼ እመለሳለሁ ወይ።

ሰዓቱን ልብ በሉ። «2:00 – 12:00» ብሎ ብቻ መጻፍ አደገኛ ነው። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብለን እናነበዋለን፤ በጉግል ካርታ ላይ ያለው የክሊኒኩ መዝገብ ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሚጠቀም፣ እዚያ ያው ቁጥር ከገባ ክሊኒኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ቀትር ላይ የሚዘጋ ይመስላል። በአማርኛው መግለጫ «ከጠዋቱ»ና «ምሽቱ» የሚሉት ቃላት ይግቡ፤ በካርታው መዝገብ ላይ ደግሞ 8:00 AM – 6:00 PM ተብሎ ይሞላ።

ዋጋ መግለጫው ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። ገጹን ዛሬ ብታስተካክሉም ጉግል አዲሱን አንብቦ እስኪያሳይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ ሰው አሮጌውን ዋጋ አንብቦ መጥቶ በር ላይ ይጨቃጨቃል። «ቁጥር አንድ»፣ «መቶ በመቶ አስተማማኝ» የሚሉትም ይቅሩ። የፍለጋ መግለጫ ማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ፈቃዱ የመካከለኛ ክሊኒክ ሆኖ ርዕሱ ላይ «ልዩ ክሊኒክ» ብሎ መጻፍማ የባሰ ነው።

እነዚህ ሁለት ጽሑፎች የማይችሉትንም ማወቅ ያስፈልጋል። የፍለጋ ርዕስ ጉግል ገጹን ለየትኛው ጥያቄ እንደሚያቀርበው ለመወሰን ይረዳዋል። የፍለጋ መግለጫ ግን ገጹን ወደ ላይ አያወጣውም፤ ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ተናግሯል። የመግለጫው ሥራ የሚጀምረው ገጹ ከታየ በኋላ ነው፤ ያየው ሰው እንዲነካው ማድረግ። ከዚህም በላይ ጉግል ሁለቱንም ሊለውጣቸው ይችላል። ርዕሱ ካልጣመው ከገጹ ትልቁ ርዕስ ወስዶ ሌላ ይሠራል፤ መግለጫውም ሰውየው ለጻፈው ጥያቄ ካልመለሰ ከገጹ ውስጥ የሚመስለውን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ያወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በመግለጫው ያለው ቦታና ሰዓት በገጹም ላይ በጽሑፍ ይኑር። ሰዓቱ በፎቶ ላይ ብቻ ተጽፎ ከሆነ ጉግል ሊያገኘው ላይችል ይችላል።

ካርታው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። «አቅራቢያዬ ያለ ክሊኒክ» ብሎ ለፈለገ ሰው በካርታ የሚወጡት ውጤቶች የሚመጡት ከጉግል የንግድ መዝገብ ነው፤ እዚያ ርቀት፣ ከጥያቄው ጋር መግጠምና መታወቅ ይመዘናሉ። ነፋስ መውጫ ላለ ሰው ለመታየት ብሎ ርዕሱ ውስጥ ነፋስ መውጫን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንንና እብናትን መደርደር ክሊኒኩን አያቀርበውም። ለየከተማው ስሙ ብቻ የተለወጠ አንድ ዓይነት ገጽ መሥራትማ በጉግል ደንብ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ከእነዚህ ቦታዎች ሰው በእርግጥ የሚመጣ ከሆነ በገጹ ጽሑፍ ውስጥ ከወረታ በኩል እንዴት እንደሚደረስ መንገር ግን ጥሩ ነው፤ እውነትም ነው፣ ይጠቅማልም።

አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል፤ ሰው የትኛውን ቃል እንደሚፈልግ በምን ይታወቃል? የቃል መፈለጊያ መሣሪያዎች ለደብረ ታቦር ስፋት ላለው ከተማ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው የሚያሳዩት። ዜሮ ማለት የሚፈልግ የለም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ለመሣሪያው አንሶ ነው። ከዚያ ይልቅ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ጠይቁ። ሰዎች ስልክ ሲደውሉ «ራጅ አላችሁ?» ነው የሚሉት ወይስ «ኤክስሬይ»? «የእርግዝና ክትትል» ነው ወይስ «የጽንስ ምርመራ»? እሷ የምትሰማው ቃል ለርዕሱ የሚሆነው ነው።

የጻፋችሁት መሥራቱን ለማየት የጉግል ሰርች ኮንሶል በነፃ ይገኛል። በየትኛው ጥያቄ ገጹ እንደታየና ስንት ሰው እንደነካው ያሳያል። ብዙ ታይቶ ጥቂት ከተነካ ርዕሱ ወይም መግለጫው አልሳበም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ካልታየ ችግሩ ርዕሱ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ነው። በሳምንት ጥቂት ሰው ብቻ በሚፈልግበት ከተማ ግን የአንድ ሳምንት ቁጥር ምንም አይናገርም፤ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር ጠብቁ።

ርዕሱና መግለጫው ከጉግል ውጭም አንድ ጥቅም አላቸው። የክሊኒኩን አድራሻ ቴሌግራም ላይ ስትልኩ ከሥሩ የሚወጣው ሳጥን፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ የተለየ ጽሑፍ ካልተዘጋጀ፣ ብዙ ጊዜ እነዚህኑ ሁለት ጽሑፎች ነው የሚያሳየው። ቴሌግራም አሮጌውን ይዞ ከቆየ @WebpageBot ለሚባለው ቦት አድራሻውን በመላክ ማሳደስ ይቻላል።

ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ጉግል ላይ `site:` ብላችሁ ባዶ ቦታ ሳትተዉ የድረ ገጻችሁን አድራሻ አስከትሉና የሚወጣውን አንብቡ። ሁሉም ርዕስ አንድ ዓይነት ከሆነ ከዚያ ጀምሩ። ቀጥሎም በመግለጫው፣ በካርታው መዝገብና በግቢው በር ላይ የተጻፈው የሥራ ሰዓት አንድ መሆኑን አረጋግጡ።