ሱቁ ትምህርት ቤቱን ሲቀልብ፦ ወቅፍ እንዴት ይመሠረት ነበር?

በድሬዳዋ መጋላ ውስጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ዕድሜ ልኩን ነግዶ መንገድ ዳር አራት ሱቆች ያሉት ቤት ሠርቷል። ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። ሲሞት ቤቱ በእስልምና የውርስ ሕግ ይከፋፈላል። ሚስት ከስምንት አንድ እጅ ትወስዳለች። ከቀረው ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ስለሚያገኝ ለእያንዳንዱ ወንድ ከስምንት ሁለት፣ ለእያንዳንዷ ሴት ከስምንት አንድ ይደርሳል። እነሱ ደግሞ ሲሞቱ ያ ስምንተኛ እጅ እንደገና ይቆራረጣል። ሁለት ትውልድ ሳያልፍ ባለድርሻው ሃያና ሠላሳ ይሆንና ቤቱ ይሸጣል።

ነጋዴው ግን ሌላ ሐሳብ አለው። የሱቆቹ ኪራይ እሱ ከሞተ በኋላም የሰፈሩን ልጆች እንዲያስተምር ይፈልጋል። ምን ማድረግ ይችላል?

ዘካው አያዋጣውም። ዘካ የሚሰጠው በቁርኣን ለተዘረዘሩት ስምንት ዓይነት ሰዎች ነው። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ደግሞ ለሕንፃ ማሠሪያና ለተቋም ማስተዳደሪያ እንዲውል አይፈቅዱም። በኑዛዜ እንዳይተወው፣ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ኑዛዜ ከሀብቱ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። ጥሬ ገንዘብ ቢሰጥ በዓመት በሁለት ዓመት ያልቃል። የመምህር ደመወዝ ግን በየወሩ ይመጣል። ለዚህ ችግር የእስልምና ሕግ ያበጀው መልስ ወቅፍ ነው።

የወቅፍ ሥር የሚመዘዘው ከሁለተኛው ኸሊፋ ከዑመር ታሪክ ነው። ዑመር በኸይበር ጥሩ መሬት ደርሶት ምን ላድርገው ብሎ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። የተሰጠው ምክር ዋናውን አስረህ ፍሬውን ስጥ የሚል መንፈስ ነበረው። ስለዚህ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይተላለፍ ሆኖ ምርቱ ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ ተመደበ። የሚያስተዳድረውም ሰው በአግባቡ ከምርቱ እንዲበላ ተፈቀደለት። ኋላ የመጡት የሕግ መጻሕፍት በሙሉ ይህችን ሐሳብ አፍታተው የጻፉ ናቸው።

በሐረርና በዙሪያው ጥንትም ዛሬም ዋናው የሻፊዒ መዝሀብ ነው። በዚህ መዝሀብ ወቅፍ አራት ምሰሶዎች አሉት። አንደኛው ወቃፊው ነው፤ አእምሮው የተስተካከለ፣ ለአካለ መጠን የደረሰና የንብረቱ እውነተኛ ባለቤት መሆን አለበት። ሁለተኛው ንብረቱ ነው፤ ሲጠቀሙበት የማያልቅ መሆን አለበት። ቤት ይሆናል፣ እህል አይሆንም፤ እህል ከተበላ አለቀ። ሦስተኛው ተጠቃሚው ነው፤ ኃጢአት ያልሆነ ዓላማ መሆን አለበት። አራተኛው ቃሉ ነው። ወቃፊው «ወቅፍ አድርጌዋለሁ» ካለ በኋላ ወደኋላ መመለስ የለም፤ «ለአሥር ዓመት ብቻ» ማለትም አይቻልም። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ አቡ ሐኒፋ ራሱ ቃዲ ካልፈረደበት በቀር ወቅፉ አስገዳጅ አይሆንም ይል ነበር። ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቹ ግን አልተስማሙበትም። ሰዎች ሰነዱን ቃዲ ፊት በምስክር ማጻፍ የለመዱት እንዲህ ያለውን ክርክር ለመዝጋት ጭምር ነው።

ሰነዱ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው የወቃፊው ቅድመ ሁኔታ ነው። ኪራዩ ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል ይከፈል? ንብረቱን የሚያስተዳድረው ናዚር ማን ይሁን? እሱ ሲሞት ማን ይተካው? በተለምዶ ከኪራዩ መጀመሪያ የሚወጣው ለቤቱ ጥገና ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ኪራዩ ሁሉ ለመምህር ቢከፈል ከዓመታት በኋላ ሱቁም ደመወዙም አይኖርም።

ትልቁን ምሳሌ ካይሮ ላይ እናገኘዋለን። የማምሉኩ ሱልጣን ቀላውን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ላይ ታመመ። ከኑረዲን ሆስፒታል በመጣለት መድኃኒት ዳነና ሥልጣን ካገኘሁ እንዲህ ያለ ሆስፒታል እሠራለሁ ብሎ ተሳለ ይባላል። ሱልጣን ከሆነ በኋላ በ1284 እ.ኤ.አ. ሥራውን አስጀመረ፤ ሆስፒታሉ፣ መድረሳውና መቃብሩ በአንድ ዓመት ገደማ ተጠናቀቁ። ለትኩሳት፣ ለዓይን፣ ለቀዶ ሕክምናና ለሆድ በሽታ የተለያዩ ክፍሎች ነበሩት። የሴቶቹም ለብቻ ነበር። ሐኪሞች የሚያስተምሩበትም ቦታ ነበረው። በሰነዱ መሠረት ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት፣ አገሬውና እንግዳ እኩል ይታከማሉ። ታካሚው እስኪድን ይቆያል፤ ከሞተም የቀብሩ ወጪ ከወቅፉ ይሸፈናል።

ይህ ሁሉ ከየት ይከፈል ነበር? ቀላውን ከሆስፒታሉ ጋር ገቢ የሚያስገቡ ሱቆችን፣ የገበያ ቦታዎችን፣ መታጠቢያ ቤቶችንና ሌላም ንብረት አብሮ አሰረ። የወቅፍ ዋና ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ወጪ የሚያወጣው ሕንፃ ብቻውን አይሰጥም፤ ገቢ የሚያስገባው ሕንፃም አብሮ ይሰጣል። መስጊድ በበጎ ፈቃድ ሰጋጆችም ሊቆም ይችላል። ሆስፒታል ግን በየቀኑ መድኃኒትና ምግብ፣ ትምህርት ቤት በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋል። ወቅፍ በተለይ እነዚህን ሁለቱን ያቆመው ለዚህ ነው።

የሆስፒታሉ ጅማሬ ግን ንጹሕ አልነበረም። ግንባታው ላይ ሰዎች በግዳጅ እንዲሠሩ ተደርጓል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሊቃውንት በመድረሳው መስገድን እስከ መጥላት ደርሰዋል። የወቃፊዎችም ዓላማ ሁሌ ጽድቅ ብቻ አልነበረም። የማምሉክ አሚር ሥልጣኑን ለልጁ አያወርስም፤ ሀብቱም በማናቸውም ቀን በሱልጣኑ ሊወረስበት ይችላል። ንብረቱን ወቅፍ አድርጎ ልጁን በደመወዝ ናዚር ካደረገው ግን ሱልጣኑ እጁን ለመዘርጋት ይከብደዋል። ስለዚህ የአላህን ምንዳ መፈለግና ለልጅ እንጀራ ማቆየት በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር።

ከዚህ የካይሮ ወቅፍ የእኛም አገር ልጆች በልተዋል። በአል አዝሀር መስጊድ ከዘይላዕና ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡ ተማሪዎች የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር። ተማሪዎቹ ከወቅፍ የሚመጣ የዳቦ ራሽን ይሰጣቸው ነበር። የግብፅን ታሪክ የጻፈው ታዋቂው ዓብዱረህማን አል ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) ከዚሁ አካባቢ ወደ ካይሮ ከተሻገረ ቤተሰብ የተወለደ ነው። አያቶቹም የዚያ ሪዋቅ ሸኾች ነበሩ። የካይሮ ሱቅ ኪራይ ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ ደረሳን ይቀልብ ነበር ማለት ነው።

ወቅፍ የሚበላሸው በአንድ ቀን አይደለም፤ በኪራይ ውል በኩል ቀስ እያለ ነው። ናዚሩ ሱቁን ለወዳጁ በርካሽ ለረጅም ዘመን ያከራያል። ተከራዩ ያድሳል፣ ለልጁ ያስተላልፋል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ ቤቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ይህን ለመከላከል የሐነፊ ሊቃውንት ወቃፊው ዝም ካለ ቤት ከአንድ ዓመት፣ መሬት ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይከራይ ወሰኑ። ናዚሮች ደግሞ ተከታታይ ውሎችን በአንድ ቀን በመፈራረም ክልከላውን ዘለሉት። ምልክቱ ግን ቀላል ነው፤ የወቅፉ ሱቅ ኪራይ ከጎኑ ካለው ሱቅ በብዙ ካነሰ አንድ ሰው እየበላ ነው። ሌላው ችግር የሕጉ ግትርነት ነው። ሻፊዒዎች የፈረሰ ወቅፍ እንኳ እንዲሸጥ እምብዛም አይፈቅዱም። ሐነፊዎችና ሐንበሊዎች ግን የሞተውን ንብረት በሚሠራ ንብረት መለወጥን በቅድመ ሁኔታ ይቀበላሉ።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ሳይችል ቀርቶ ከሥር ሲቆም ነው። በነጋዴ ከተማ ውስጥ ለወቅፍ የሚመቸው ንብረት የኪራይ ቤት ነው። መንግሥትም ነገሩን በሕግ ያውቀው ነበር። አዋጅ ቁጥር 62/1936 ወቃፊው ሙስሊም ከሆነ የወቅፍን ጉዳይ ለቃዲ ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188ም ለፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ሥልጣን አጽንቷል፤ ተከራካሪዎቹ በዚያ ለመዳኘት መፍቀድ አለባቸው።

በመካከሉ ግን ሐምሌ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ማዕከላዊው መንግሥት ተረከበ። ሕጉ የተጻፈው በአከራይ ባለሀብት ላይ ነበር። ከአከራይ ባለሀብትና በኪራይ መምህር ከሚቀጥር ወቅፍ መካከል ግን ልዩነት አላደረገም። መስጊዱና መድረሳው ቆመው ቀሩ፤ የሚቀልባቸው ሱቅ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ልማድ ለእያንዳንዱ ወጪ ከምእመኑ መዋጮ መለመን ነው። ዋናው ታስሮ ፍሬው ሲሰጥ የነበረው ቀርቶ፣ ፍሬው በየጁምዓው ከሰው ኪስ ይለቀማል።

ታዲያ የመጋላው ነጋዴ ዛሬ ምን ያድርግ? መሬቱ የሱ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እሱ ያለው በሊዝ የያዘው መብትና ያቆመው ሕንፃ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ ቦታ የሰጠው ዘመን እስከ 70 ዓመት ነው። ወቅፍ ግን ዘላለማዊ መሆን አለበት ተብሏል። በሩ የተዘጋ ይመስላል።

አልተዘጋም። በ1277 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም ነወዊ፣ በሐረርና በወሎ ደረሶች በሚቀሩት «ሚንሃጅ» ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ አንስተዋል። በተከራየው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ያንን ቤት ወቅፍ ቢያደርግ ይጸናል? የመረጡት መልስ «ይጸናል» የሚል ነው። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው መልስ ለድሬዳዋው ሊዝ የተጻፈ ይመስላል።

የቀረው የሰነድ ሥራ ነው። ነጋዴው በጤናው ዘመን ሊያደርገው ይገባል፤ በሞት ሕመም ላይ ሆኖ ካደረገው እንደ ኑዛዜ ታይቶ ከአንድ ሦስተኛው አያልፍም። አራቱም ሱቆች ይሁኑ ወይስ ሁለቱ፣ የቀረው ለሚስትና ለልጆች እንዲሆን ቁርጡን ይጻፍ። ናዚሩንና ተተኪውን ይሰይም፤ የኪራይ ውል ከስንት ዓመት እንዳይበልጥ፣ ለጥገና መጀመሪያ ስንት እንደሚቀነስ፣ ሊዙ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ያስፍር። ቤተሰቡም ሰነዱ ሲነበብ ይስማ። ብዙ ወቅፍ የጠፋው በመንግሥት እጅ ብቻ አይደለም፤ አባታቸው ምን እንዳሰረ ባልሰሙ ልጆች እጅም ጭምር ነው።