አልጂኔት እና የጥርስ አሻራ

«አልጂኔት» ከላቲኑ «አልጋ» የመጣ ቃል ነው፤ መኝታ ሳይሆን የባሕር አረም ማለት ነው። በክሊኒክ አንዳንዴ ዱቄቱም፣ ከአፍ የወጣው ልክም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ዱቄቱን አልጂኔት፣ ልኩን «የጥርስ አሻራ»፣ የጄሶውን ቅጂ «ምስለ ጥርስ» ብሎ መለየት ይሻላል፤ ስሕተት ሲኖር የት እንደተፈጠረ ያሳያልና። እንደ ደቡብ ኦሞ ቆላ ባለ ሙቀት አልጂኔት ቶሎ ስለሚረጋ በቀዝቃዛ ውኃ ይታሻል። አሻራው ታጥቦ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውኃ ይረጭበትና በተዘጋ ከረጢት 10 ደቂቃ ይቆያል፤ እንደገና ታጥቦ ወዲያው ጄሶ ይፈስበታል። አሻራው ውኃ አዘል በመሆኑ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፤ ምስለ ጥርሱም ይዛባል። ከጂንካ ወደ ሩቅ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ጄሶው እዚያው ይፍሰስ፤ አለዚያ አሻራው ለቀናት ቅርጹን በሚጠብቀው አዲሽን ሲሊኮን ይወሰድ። ይህ ሲሊኮን ግን በላቴክስ ጓንት ከታሸ በደንብ አይረጋም።