ባዮፊልም፦ በጥርስና በሕክምና ቱቦ ላይ

ባዮፊልም ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍነው በኅብረት የሚኖሩበት ሽፋን ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። ከሰው ጤና ጋር በቅርብ የሚገናኘው ግን ጥርስ ላይ የሚጋገረው ፕላክና በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ በሚቆዩ ቱቦዎች፣ በተለይም በሽንት ካቴተር ግድግዳ ላይ የሚወፍረው ሽፋን ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ዋና ጠባይ አለ፤ ባክቴሪያዎቹ በፈሳሽ ውስጥ ለየብቻቸው ተንሳፍፈው ቢገኙ ፈጥኖ የሚገድላቸውን ኬሚካል፣ ተሰባስበው ሲገኙ ይችሉታል።

ይህን ጠባይ ቀድሞ ያስተዋለው ባክቴሪያን ቀድሞ ያየው ሰው ራሱ ነው። የደልፍቱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥርሱን በጨው እያሸም በጥርሶቹ መካከል ከሚቀረው ነጭ ነገር ጥቂት ወስዶ በማጉያ መነጽሩ ሲመለከት የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታት ማየቱን ገልጿል። በኃይለኛ ኮምጣጤ ተጉመጥሙጦ እንደገና ሲያይ ፍጥረታቱ አሁንም በሕይወት አሉ። ያንኑ ነጭ ነገር በውሃ በጥብጦ ጥቂት ኮምጣጤ ሲጨምርበት ግን ወዲያው ሞቱ። ኮምጣጤው የገደለው በውጭ ያሉትን ብቻ ነው፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ሲል ደመደመ። ሙከራው ዛሬም ቢሆን እንከን አይወጣለትም፤ ያልመለሰው ጥያቄ ለምን አልዘለቀም የሚለው ነው።

ፕላክ የሚጀምረው በባክቴሪያ ሳይሆን በምራቅ ነው። ጥርስ በጸዳ በደቂቃዎች ውስጥ የምራቅ ፕሮቲኖች ኢናሜሉን በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ያለብሱታል። ይህን ሽፋን መያዝ የሚችሉ ጥቂት ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ስትሬፕቶኮከስ ሳንጉዊኒስና ስትሬፕቶኮከስ ኦራሊስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይሰፍራሉ። ዘግይተው የሚመጡት የሚጣበቁት ጥርሱ ላይ ሳይሆን ቀድመው በሰፈሩት ላይ ነው። ረጅምና ቀጭን የሆነው ፉዞባክቴሪየም ኑክሌየተም ቀዳሚዎቹንም ኋለኞቹንም መያዝ ስለሚችል በመካከላቸው ድልድይ ይሆናል። እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉት፣ ኦክስጅን የማይወዱና ድድን የሚጎዱ ዝርያዎች የሚደላደሉት በዚህ መንገድ፣ ከሥር ያለው ኦክስጅን ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ሚሊግራም የበሰለ ፕላክ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ባክቴሪያ ይይዛል።

መብሰሉ ቀናት ይፈጃል። ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ ጤናማ ድድ የነበራቸው 12 ፈቃደኞች ጥርሳቸውን ማጽዳት አቆሙ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ቆጣ፤ ማጽዳቱን ሲቀጥሉ ቁጣው በረደ። ከውጭ የመጣ አዲስ ተላላፊ ጀርም አልነበረም። የተለወጠው ሽፋኑ ሳይነካ የቆየበት ጊዜ ነው።

ሕዋሳቱን የሚያያይዘው ሙጫ ማትሪክስ ይባላል። አብዛኛው ውሃ ነው፤ የቀረው ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች፣ ፕሮቲኖችና ከሞቱ ሕዋሳት የፈሰሰ ዲኤንኤ ናቸው። በብዙ ባዮፊልሞች ውሃው ቢተን ከሚቀረው ደረቅ ክብደት የሕዋሳቱ ድርሻ ከ10 በመቶ ያነሰ ነው። ጥርስ ላይ የስኳሩን ሥራ በብዛት የሚሠራው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ሲሆን፣ ከሱክሮስ ማለትም ከተራ ስኳር ግሉካን የተባለ የማይሟሟ ሙጫ ይፈትላል። ስኳሩን ሲያብላላ የሚወጣው አሲድም በዚሁ ሙጫ ሥር ታምቆ ይቆያል፤ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ አሲድ የማብረድ አቅም ቢኖረውም ከወፍራም ፕላክ ሥር ቶሎ አይደርስም።

በሽንት ካቴተር ላይ ተዋናዮቹ ይለወጣሉ እንጂ አካሄዱ ያው ነው። ቱቦው እንደገባ የሽንት ፕሮቲኖች ይለብሱታል፤ ባክቴሪያዎች ከቆዳ ወይም ከሽንት ከረጢቱ በኩል እየተሳቡ ይወጣሉ። ካቴተር የገባለት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው፤ አንድ ወር ከቆየ ያልተበከለ ማግኘት ይከብዳል። ከሁሉም የሚከፋው ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ነው። ዩሪየስ በተባለ ኢንዛይሙ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይሰብራል። ሽንቱ አልካላይን ይሆናል፤ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፎስፌት ሟሙተው መቆየት አቅቷቸው በሙጫው ውስጥ ድንጋይ ይሆናሉ። ድንጋዩ ቀድሞ የሚጋገረው በቱቦው ጫፍ ላይ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው። ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው የሚያየው ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ሽንት በቱቦው ዳር ሲያፈስ ነው። የወጣው ካቴተር ጫፍ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነና የሽንቱ ፒኤች ከ8 ካለፈ ነገሩ ፕሮቲየስን ያስጠረጥራል። በዚህ ደረጃ በካቴተር ግድግዳ ላይ ያለው ሽፋን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሊወፍር ይችላል።

ኬሚካሎች ለምን አይሠሩም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሙጫው እንደ አጥር ይከለክላል የሚል ነው። መልሱ ለማስረዳት ይመቻል፤ ስሌቱ ግን አይደግፈውም። ሙጫው አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ትናንሽ ሞለኪዩሎች በውስጡ ይሰርጋሉ፤ ፍጥነታቸው ቢቀንስም አይቆምም። እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለ ሞለኪዩል 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽፋን ውስጥ ለመስረግ የሚፈጅበት ጊዜ ወደ 20 ሴኮንድ ነው። ጊዜው በውፍረቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ ለግማሽ ሚሊሜትር 25 እጥፍ፣ ማለትም ከስምንት ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሰዓታት ተነክሮ የማይሞት ሽፋን መኖሩን አያስረዳም።

የሚያስረዳው ኬሚካሉ በመንገድ ላይ ማለቁ ነው። በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የሚገድለው ያገኘውን ፕሮቲንና ስኳር በማቃጠል ስለሆነ፣ በሕያው ሕዋስና በሙጫ መካከል አይመርጥም። የላይኛው ንጣፍ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ላይኞቹ ማሳዎች ጠጥተው በጨረሱት የመስኖ ቦይ ታችኞቹ ውሃ እንደማይደርሳቸው ማለት ነው። ዲርክ ደ ቤር፣ ሮሂኒ ስሪኒቫሳንና ፊሊፕ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት በጣም ቀጭን ኤሌክትሮድ ወደ ባዮፊልም አስገብተው ክሎሪኑን ሲለኩ፣ ውስጥ ያገኙት በአብዛኛው ከውጭው 20 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። ውጭው ፈሳሽ ውስጥ በቂ ክሎሪን አለ ማለት ግድግዳው ጋ ያሉት ሕዋሳት አግኝተውታል ማለት አይደለም።

በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ደግሞ ሕዋሳቱ ራሳቸው ይሠራሉ። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ካታሌዝ በተባለ ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል። አንድ ተንሳፋፊ ሕዋስ ያለው ካታሌዝ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ማምከን አይችልም። በሽፋን ውስጥ የተጠጋጉት ሕዋሳት ካታሌዝ ሲደመር ግን ኬሚካሉ ከሚገባው በበለጠ ፍጥነት ይጠፋል፤ ዋናው ካታሌዝ በሌለው የዚሁ ባክቴሪያ ተለዋጭ ሽፋን ውስጥ ፐርኦክሳይዱ ሲገባ ታይቷል። እዚህ ላይ መከላከያው የአንዱ ሕዋስ ሳይሆን የጉርብትናው ነው። ክሎርሄክሲዲንን የሚያዘገየው ሌላ ምክንያት ነው፤ አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው አሉታዊ ቻርጅ ካላቸው የማትሪክስ ክፍሎች ጋር ይጣበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ረኃብ ነው። የላይኞቹ ሕዋሳት ኦክስጅኑንና ምግቡን ስለሚጨርሱ የታችኞቹ ዕድገታቸውን ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም ያቆማሉ። አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች የሚመቱት በማደግ ላይ ያለ ሕዋስ የሚያካሂደውን ሥራ ስለሆነ የተኛውን አያገኙትም። ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ፔኒሲሊን ሙሉ በሙሉ ያላጠፋቸውን ጥቂት የስታፊሎኮከስ ሕዋሳት ለይቶ ሲያራባ ዘራቸው ለፔኒሲሊን እንደ ወትሮው ተጋላጭ ሆኖ አግኝቶታል። በረኪናን ለመሰለ ሁሉን አቃጣይ ኬሚካል እንቅልፍ ያን ያህል መሸሸጊያ አይሆንም። ስለዚህ ስለ አንቲባዮቲክ የሚባለውን ሁሉ ወደ ፀረ-ተሕዋስያን ማሻገር ስሕተት ነው፤ በክሎሪን ረገድ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በመንገድ ማለቁ ነው።

ይህ ቻይነት በዘር ከሚተላለፈው የመድኃኒት መቋቋም የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ግልጽ ሙከራ በካቴተር ላይ ተሠርቷል። ኒከል፣ ኮስተርተንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ሱዶሞናስን በካቴተር ቁራጭ ላይ አሳድገው ቶብራማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ሞከሩበት። ተንሳፋፊዎቹን በአንድ ሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም በ8 ሰዓት ፈጃቸው። በቁራጩ ላይ ካሉት ግን 1000 ማይክሮግራም ውስጥ 12 ሰዓት ቆይተው የተረፉት ጥቂት አልነበሩም። የተረፉትን ከቁራጩ አንሥተው በፈሳሽ ሲያሳድጓቸው እንደማንኛውም ሱዶሞናስ በዝቅተኛ መጠን ተገቱ። ላቦራቶሪ ከሕመምተኛ የተገኘን ባክቴሪያ በፈሳሽ አሳድጎ መድኃኒቱ ይሠራል ብሎ ሲጽፍ፣ ቱቦው ላይ ግን ሳይሠራ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህም ሽፋኑን ማፍረስ ኬሚካሉን ከማክረር ይቀድማል። 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በቀን ሁለት ጊዜ ንጹሕ ጥርስን ሲያጥብ አዲስ ፕላክ እንዳይሠራ በደንብ ይከላከላል፤ የሁለት ቀን ፕላክ ላይ ሲፈስ ግን በዋናነት የሚጎዳው የላይኛውን ክፍል ነው። ብሩሽም ሆነ በወጉ የተያዘ መፋቂያ ሌዌንሁክ በብጥበጣ ያደረገውን ያደርጋል። በኢንዶስኮፕ ቧንቧዎች ውስጥም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ቧንቧው ሳይደርቅ በሳሙናማ ፈሳሽና በረጅም ብሩሽ ይታጠባል፣ ከዚያ በኬሚካል ይነከራል፣ በመጨረሻም ውስጡ ይደርቃል። ሳይታጠብ ወደ ግሉታራልዴሃይድ ከገባ ኬሚካሉ ፕሮቲኑን ስለሚያጠነክረው ቆሻሻው ከግድግዳው ጋር ይበልጥ ይጣበቃል።

በሰው ፊኛ ውስጥ ያለን ካቴተር መፋቅ ስለማይቻል የሚቀረው መለወጥ ነው፤ ፊኛን በፀረ-ተሕዋስያን በየጊዜው ማጠብም እንደ ልማድ አይመከርም። ምርመራውም በዚሁ ይታሰራል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ካቴተር የተቀዳ ሽንት የሚያሳየው በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚኖረውን እንጂ የግድ ሕመምተኛውን ያሳመመውን አይደለም። ሕመምተኛው የኢንፌክሽን ምልክት ካለውና ካቴተሩ አሁንም ካስፈለገ አስቀድሞ ቱቦው ይለወጣል፤ ናሙናው ከአዲሱ ቱቦ መቅጃ እንጂ ከከረጢቱ አይወሰድም፤ አንቲባዮቲክ የሚጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።